ሜርኩሪያችሁን ከማንበባችሁ በፊት ሰዓቱን አርሙ

ውድ ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ከዚያ ውስጥ ሃያውን ዓመት ማታ ማታ የልደት ቻርት፣ ሰው ሲወለድ ፕላኔቶች ሰማይ ላይ የነበሩበትን ቦታ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ሳነብ ቆይቻለሁ። ብዙዎቻችሁ አሁን በስልካችሁ ቻርት እያወጣችሁ «ሜርኩሪዬ እዚህ ነው፣ እንዲህ ነው የምማረው» ስትሉ እሰማለሁ። ስለዚህ ጉዳይ የማውቀውን ልንገራችሁ።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪዬ ከክፍል በኋላ ቀረችና «ጋሼ፣ ለካ ክፍል ውስጥ መናገር የሚከብደኝ ሜርኩሪዬ 12ኛ ቤት ስለሆነ ነው» አለችኝ። በኮከብ ቆጠራ ሜርኩሪ የማሰብ፣ የመማርና የመናገር ፕላኔት ነው። የኛ የጥንት ሊቃውንት ዓጣርድ ይሉታል። ቻርቱ ሰማዩን በ12 ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ክፍል ቤት ይባላል። 12ኛው ቤት ደግሞ የተሸሸገ፣ የተዘጋ ቤት ነው ይባላል። ልጅቷ ይህን ካነበበች ወዲህ እጇን ማውጣት ትታለች። እኔም ለውጡን ሳላስተውል አልቀረሁም፤ ምክንያቱን ግን አላወቅኩም ነበር።

«ስንት ሰዓት ነው የተወለድሽው?» አልኳት።

«በቀን 7 ሰዓት።»

ስልኳን ተቀብዬ አየሁት። 07:00 ተብሎ ተሞልቷል። ይህ እኮ በኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ወደ 13:00 ቀየርነው። ሜርኩሪ ከ12ኛው ቤት ወጥቶ 9ኛው ቤት ገባ። ይህ ደግሞ የከፍተኛ ትምህርት፣ የማስተማርና የሩቅ አገር ቤት ነው የሚባለው። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ስልኩን አየች። በስድስት ሰዓት ስህተት ድምፅዋን ልትተው ነበር።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ላስረዳችሁ። ምድር በቀን አንዴ ስለምትዞር ሰማዩ በሙሉ በ24 ሰዓት 12ቱን ቤቶች ያዳርሳል። አንዱን ቤት ለማለፍ በአማካይ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ የስድስት ሰዓት ስህተት ሦስት ቤት ያህል ያዛውራል። ሜርኩሪ ያለበት ኮከብ ግን እምብዛም አይነካም፤ አንድ ኮከብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያልና። ለዚህም ነው ኮከቡ ብቻውን ብዙ የማይናገረው። በዚያ ሁለት ሳምንት የተወለደ ልጅ ሁሉ ይጋራዋል። የእናንተ የሚያደርገው ቤቱ ነው። ቤቱ ደግሞ በሰዓት ላይ ይንጠለጠላል።

ስህተቱን ለመለየት ፀሐይን ፈልጉ። ቻርቱ ላይ ፀሐይ ስትወጣ የተወለደ ሰው ፀሐዩ በግራ ጠርዝ ናት። እኩለ ቀን ላይ የተወለደ ከላይ ያገኛታል፣ ስትጠልቅ የተወለደ በቀኝ፣ እኩለ ሌሊት የተወለደ ከታች። በቀን 7 ሰዓት ተወልዳችሁ ፀሐይ በግራ ጠርዝ ከተቀመጠች ሰዓቱ ተሳስቷል። ሜርኩሪም ከፀሐይ ከ28 ዲግሪ በላይ ስለማይርቅ አብሯት ይዛወራል። ቀኑንም እዩት። ሐምሌ 10 ቀን 1996 በፈረንጅ ጁላይ 17 ቀን 2004 ነው። 1996 ብሎ የሞላ ሰው የሌላ ሰው ቻርት ነው የሚያነበው።

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ኮከቡን፣ ቤቱንና ከሌሎች ፕላኔቶች ጋር ያለውን መተያየት፣ ማለትም በመካከላቸው ያለውን የዲግሪ ርቀት፣ አንድ ላይ አንብቧቸው። ለየብቻ ሲነበቡ እርስ በርስ ይጣላሉ። የአልበርት አንስታይንን ቻርት ውሰዱ። በፈረንጅ ማርች 14 ቀን 1879፣ ጀርመን ኡልም ከተማ፣ ረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ተወለደ። ፀሐዩ ሑት ላይ ነች። ሜርኩሪው ግን አልፎ ሐመል ገብቷል፣ 3ኛው ዲግሪ ላይ። ቤቱ 10ኛው ነው፤ የሙያና የአደባባይ ቤት። አጠገቡ፣ አንድ ዲግሪ ያህል ርቆ፣ ሳተርን ተቀምጧል። የኛዎቹ ዙሐል የሚሉት ነው።

ሐመልን ብቻ ያነበበ ሰው ምን ይላል? ፈጣን፣ ደፋር፣ አፉ የማይያዝ ልጅ። አንስታይን ግን አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው። ወላጆቹ ተጨንቀው ሐኪም እንዳማከሩ ራሱ በኋላ በደብዳቤ ጽፏል። ልጅ ሳለ ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ለራሱ በለሆሳስ ይለማመደው ነበር። ይህ ሳተርን ነው፤ ሜርኩሪን ሲነካ ያዘገያል፣ ያስመዝናል ይባላል። ታዲያ ሐመል ጠፋ? አልጠፋም። ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ሲማር ብዙ ጊዜ ክፍል አይገባም ነበር። የፈለገውን ራሱ ጀምሮ ያነብባል። ፈተና ሲደርስ የጓደኛውን የማርሴል ግሮስማንን ደብተር ያጠናል። ሁለቱን ስታጣምሩ እንዲህ ይወጣል፦ ራሱ የሚጀምር፣ ግን ያመዛዘነውን እስኪጨርስ የማይናገር አእምሮ። 10ኛው ቤት ሲጨመርበት ደግሞ ያ አእምሮ የሰውየው ሙያና ስም ይሆናል። በፈረንጅ 1905፣ በ26 ዓመቱ፣ ስሙን የተከሉትን ጽሑፎች አወጣ። ሰዓቱን እንደኛ 5:30 ብላችሁ ብትሞሉት ግን ሜርኩሪው 1ኛው ቤት ይወርዳል፤ የአደባባዩ ነገር ከንባቡ ይጠፋል።

መተያየቱን ስትፈልጉ 0፣ 60፣ 90፣ 120 እና 180 ዲግሪን እዩ። ርቀቱ ከእነዚህ በአንድ ሁለት ዲግሪ ብቻ ካለፈ ጠንካራ ነው፤ ስምንት ከደረሰ እኔ አልቆጥረውም። በኔ ልምድ ስለ አነጋገር ከኮከቡም ከቤቱም ይልቅ ብዙ የሚነግረኝ ይህ ነው። ማርስ በ90 ሲያየው አንደበቱ የሚቸኩል፣ ኔፕቱን ሲነካው በሥዕል የሚያስብ ይባላል።

አሁን ደግሞ በጣም የማስብበትን ልንገራችሁ። የአንስታይን ቻርት ያማረው ሕይወቱን አስቀድመን ስለምናውቅ ነው። አውቆ ወደ ኋላ ማንበብ ቀላል ነው። በፈረንጅ 1985 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት በወጣ ሙከራ፣ ኮከብ ቆጣሪዎች ቻርትን ከባለቤቱ የጠባይ መግለጫ ጋር እንዲያዛምዱ ተጠይቀው በዕጣ ከሚገኘው የተሻለ አላገኙም። ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር አታልያችኋለሁ። እኔ ቻርትን የምጠቀምበት ጥያቄ ለማውጣት ነው። መልሱን ከተማሪው ነው የምሰማው።

ያችን ልጅም እንዲሁ አደረግን። 9ኛው ቤት ማስተማር ከሆነ፣ በማስተማር ትማር እንደሆነ እንፈትነው አልኳት። አንዱን የባዮሎጂ ምዕራፍ ብቻዋን ደጋግማ አነበበች። ሌላውን፣ ርዝመቱ የሚቀራረበውን፣ አንዴ አንብባ ለታናሽ ወንድሟ አስረዳች። ከሳምንት በኋላ መጽሐፉን ዘግተን ከየምዕራፉ አሥር አሥር ጥያቄ ጠየቅኳት። ካስረዳችው ስምንት መለሰች፣ ካነበበችው አምስት። አንድ ሙከራ ነው፣ ብዙ አያስደፍርም። ሦስት ጊዜ ድገሚው ብዬ ደብተር ሰጠኋት። ውጤቱ ሌላ ቢሆን ኖሮ የሚወድቀው የቻርቱ ንባብ ነበር።

እናንተም መጀመሪያ እናታችሁን ጠይቁ። ሰዓቱን በቁጥር ላታስታውሰው ትችላለች። «ቅዳሴ ሲወጣ» ወይም «የማታው አዛን ሲል» ትላችሁ ይሆናል። ይህም ይረዳል፣ ፀሐይን ከየት እንደምትፈልጉ ይነግራችኋል። የክትባት ካርድ ካለ ገልብጡት፤ ሰዓቱ በኛ ይሁን በፈረንጅ መጻፉን አጣሩ። ምንም ካልተገኘ ቤቱን ተዉት፤ ኮከቡንና መተያየቱን ብቻ አንብቡ።