ከወንበር ስትነሱ ወገባችሁን ለሚይዛችሁ

ልጆቼ፣ በሰኔ ወር ወደ እኔ የሚመጡት የፊዚዮቴራፒ ታካሚዎች ብዙዎቹ የሒሳብ ሠራተኞች ናቸው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ከኮምፒውተር ፊት አይነሱም። አንዷ ወጣት መጥታ፣ "ከወንበር ስነሳ ወገቤን ይይዘኛል፤ ጥቂት ጎንበስ ብዬ ከሄድኩ በኋላ ነው የምቃናው" አለችኝ። ኤምአርአይ መነሳት ፈልጋ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ አቀማመጧን ማየት ፈለግሁ።

ላፕቶፕ ሰጥቼ አስቀመጥኳት። ብዙም ሳይቆይ መቀመጫዋ ወደ ፊት ተንሸራተተ፣ ወገቧም ጎበጠ። እንዲህ ስንቆይ ከአከርካሪ ጀርባ ያሉት ጅማቶች ተወጥረው ይከርማሉ። በሌላ በኩል ከወገብ አከርካሪ ተነስቶ በብሽሽት በኩል አልፎ ጭን አጥንት ላይ የሚያያዝ ጡንቻ አለ። ስንቀመጥ ይህ ጡንቻ አጥሮ ይቆያል። ድንገት ስንነሳ ቶሎ አይፍታታም፤ ወገብን ወደ ፊት ይጎትታል። ጎንበስ የሚያሰኛችሁ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የሰጠኋት ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ነው። ቁሙ፣ እግራችሁን በትከሻችሁ ስፋት ልክ ክፈቱ፣ መዳፋችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጉ። ጉልበት ሳታጥፉ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተለጠጡ፣ ተመለሱ። ከ5 እስከ 10 ጊዜ ይበቃል። በየግማሽ ሰዓቱ ብትነሱ ጥሩ ነው፤ ሥራ ሲበዛ ግን ቢያንስ በየሰዓቱ።

ሁለተኛው ለቤት ነው። ትራስ አድርጋችሁ በቀኝ ጉልበታችሁ ተንበርከኩ፤ ግራ እግራችሁ ከፊት ይርገጥ። የቀኝ መቀመጫችሁን ጡንቻ አጥብቁ፣ ከዚያ ሳትለቁት መላ ሰውነታችሁን ትንሽ ወደ ፊት ግፉ። 30 ሰከንድ ቆዩ፣ እግር ቀይሩ፣ በየእግሩ 2 ጊዜ ሥሩት።

ልጅቷ እዚህ ላይ ተሳስታ ነበር። ብዙ ለመሄድ ስትል ወገቧን ወደ ኋላ ቀለበሰችና "ወገቤ ላይ ተሰማኝ" አለች። ወገብ ላይ ከተሰማ ልክ አልተሠራም። መለጠጡ መሰማት ያለበት የተንበረከከው እግር ብሽሽትና ጭን ፊት ላይ ነው። መቀመጫዋን ስታጠብቅ ቦታው ወዲያው ተስተካከለ፤ የገፋችውም ጥቂት ጣት ያህል ብቻ ነው። ውድ ወንበር ስለመግዛት ጠይቃኝ ነበር። ይግዙ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ሳይነሱ ለሚውሉበት ወንበር ያን ያህል ገንዘብ አላወጣም።

ወደ ኋላ ስትለጠጡ ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ አቁሙና ሐኪም ጠይቁ። እግር ኃይል ካጣ፣ በጭን መሀል ያለው ቦታ ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልቆጣጠር ካለ ግን ለነገ ሳትሉ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።