ቁሌት ውስጥ ገብቶ አልበስል ያለ ምስር

«ድፍን ምስር ሳልዘፈዝፍ ቀቀልኩና ግማሽ ሲበስል ቲማቲም የበዛበት ቁሌት ውስጥ ጨመርኩት። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢንተከተክም አሁንም ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ሳልዘፈዝፈው ስለቀረሁ ነው?» — ከአዘዞ

እህቴ፣ መዘፍዘፉን እርሺው። እሱ ለባቄላና ለሽምብራ ነው። የምስር ፍሬ ትንሽና ጠፍጣፋ ነው፣ ልጣጩም ስስ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ይገባዋል።

ያስቸገረሽ ቲማቲሙ ነው። ቲማቲም፣ ሎሚ፣ አቼቶ፣ ብቻ የሚኮመጥጥ ነገር ሁሉ ፍሬው እንዳይፈታ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሳይበስል የገባ ምስር ስታንተከትኪው ብትውይም አይላላም። ጨው ላይ ግን ሰው ያጋንናል፤ ትንሽ ጨው ምስርን አያደነድንም። እኔ መጨረሻ ላይ የምጨምረው ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዳይበዛብኝ ብዬ ነው።

በሚቀጥለው እንዲህ አድርጊ። አንድ ኩባያ ድፍን ምስር ጠጠሩን ልቀሚና እጠቢ፣ በአራት ኩባያ ውሃ ጣጂው። አንዴ ከፈላ አረፋውን ግፈፊና እሳቱን ቀንሺ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ «20 ደቂቃ ይበቃዋል» የሚሉሽ ለቆላ ሰው ነው። እዚህ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ጠብቂ። ውሃው ካነሰ የፈላ ጨምሪበት።

መብሰሉን በሰዓት አትለኪው፣ በልጣጩም አትታለዪ። እሳት ከበዛበት ልጣጩ ይፈነዳል፣ ውስጡ ግን ጥሬ ነው። ከድስቱ ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት ፍሬ አውጪና ሳህን ላይ አብርጂ። አንዱን በጥፍርሽ ክፈይው፤ መሃሉ ላይ ነጣ ያለ ነጥብ ካለ ገና ነው። ሌላውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫን በይው፤ ሳትታገዪ ከተደፈጠጠና ሻካራ ካልሆነ ደርሷል። ከስድስቱ አንዱ እንኳ ጠንካራ ከሆነ አሥር ደቂቃ ጨምሪለት። ሁሉም ሙክክ ሲል ከነመረቁ የተቁላላው ቁሌት ላይ ገልብጪው፣ ጨው ጣል አድርጊ፣ በርበሬው እስኪዋሃደው ሩብ ሰዓት በቂ ነው።

በንጹህ ውሃ ሰዓት ተኩል በስሎም ካልላላ ግን ምስሩ የከረመ ነው። ገበያ ስትገዢ የዘንድሮ መሆኑን ጠይቂ፣ የድሮውንና አዲሱን አትቀላቅዪ፤ ግማሹ ገንፎ ሲሆን ግማሹ ጥሬ ይቀርብሻል።

አሁን ድስት ውስጥ ያለውን አትድፊው። አንድ ኩባያ የፈላ ውሃ ጨምሪና በቢላ ጫፍ የምትይዘውን ያህል ቤኪንግ ሶዳ ነስንሺበት፣ ኮምጣጣውን ይሰብረዋል። ከዚያ አታብዢ፤ ሳሙና ሳሙና ይልብሻል። የግፊት ድስት ካለሽማ ያለ ሶዳውም ይወጣዋል፣ ወጡ እንዳይይዝብሽ ብቻ በደንብ አቅጥኚው።