ለ10 ደቂቃ ስትነሺ የያዝሻቸው ቲኬቶች

«ጎንደር ካለው ቢሯችን ደንበኞችን በቻት አስተናግዳለሁ። ለ10 ደቂቃ ቡና ልጠጣ ብነሳ የያዝኳቸው ቲኬቶች ምን ይሁኑ?»

እህቴ፣ ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ሁኔታሽን ከ Online ወደ Away ቀይሪ። ቲኬቱን ቀድመሽ ብትለቂው፣ ገና ክፍት ስለሆንሽ ሲስተሙ መልሶ ላንቺው ሊሰጥሽ ይችላል።

Away አዲስ ሥራ ያቆማል እንጂ የያዝሽውን አይለቅም። ሦስት ቢኖሩሽ፣ አንድ መልስ የቀረውን ጨርሺ። ያልነካሽውን ስምሽን አንስተሽ ወደ ግሩፑ መልሺው።

አስቸጋሪው መሃል ላይ ያለው ቻት ነው። ለባልደረባሽ አስተላልፊው፤ ደንበኛው የማያየውን ማስታወሻም ጻፊ፦ «ደረሰኙን አይቻለሁ፤ የቀረው ገንዘቡን መመለስ ነው»። አለዚያ ደንበኛው ሁሉንም ከሀ ጀምሮ ይደግማል።

ላፕቶፑን ዝም ብለሽ አትክደኚ፤ ቲኬቱ በስምሽ ተይዞ ይቀራል፣ ሌላውም ተይዟል ብሎ ያልፈዋል። መብራት ድንገት ሲሄድም እንደዚሁ ነው፤ በስልክሽ ዳታ ገብተሽ ልቀቂው።