የእንግሊዝኛ ሚኒት ወደ አማርኛ የሥራ ዝርዝር ሲገባ፦ ማን ይልካል? መቼ ይልካል?

ጥያቄ፦ መምህር ሰላም ነው? አንድ ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ ሴክሬታሪ ነኝ። የስብሰባ ሚኒት በእንግሊዝኛ ነው የሚያዘው፣ አምስት ስድስት ገጽ ይሆናል። እኔ በአማርኛ አሳጥሬ ማን ምን እስከመቼ እንደሚሰራ ለፊልድ ሰራተኞች እልካለሁ። ግን ሁሌ "ይሄ የኔ ስራ ነው እንዴ?" እያሉ ይደውላሉ። አጻጻፌ ላይ ምን ላስተካክል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ግሱን እይው። የእንግሊዝኛ ሚኒት "ኢት ዋዝ አግሪድ" ብሎ ይጀምርና ደብዳቤ እንዲላክ፣ ሪፖርት እንዲዘጋጅ ይላል፣ ማን እንደሚልክ ሳይናገር ያልፋል፣ እኛም ያንኑ ተከትለን "ደብዳቤ እንዲላክ ተወሰነ" ብለን እናስቀምጠዋለን። አንባቢው ውሳኔውን ሰማ እንጂ ስራው የራሱ ይሁን የሌላ በምን ያውቃል? "የሚመለከተው አካል ይከታተለዋል" ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ሁሉም ሰው የሚመለከተው ሌላ ሰው ይመስለዋል።

"ይላክ" የሚለው ግስ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። "የግዢ ኦፊሰሩ ይላክ" ብለሽ ብትጽፊ ኦፊሰሩ ራሱ ደብዳቤውን ይልካል ማለት ነው ወይስ ሰውየውን እንላከው? ስንናገር "ላ"ን አጥብቀን ወይ አላልተን እንለየዋለን፣ ፊደላችን ግን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ ለሥራ ዝርዝር "ይልካል"፣ "ያዘጋጃል"፣ "ያስረክባል" የሚለውን ያዢ፣ በአክብሮት ከሆነ "ይልካሉ"። ባለቤቱን ከግሱ በፊት ጥሪው፣ ሰውየው ስሙን ወይ የስራ መደቡን አይቶ ይቆማል።

በምሳሌ እንየው። ስብሰባው ሐሙስ ማርች 12 ቀን 2026 ተደረገ እንበል። ስለ ውሃ ፓምፕ ግዢ አንድ ገጽ ተኩል ተጽፏል፣ አቅራቢው ዘግይቷል፣ ሎጂስቲክስ ቅሬታ አቀረበ፣ ዋጋ ጨምሯል ተባለ፣ ክርክር ሆነ። ይሄን ሁሉ ተይው፣ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። ወደ ታች ስትወርጂ የቀረው ይሄ ነው፦ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እስከ አርብ ማርች 20 ሲኦቢ፣ ማለትም እስከ ስራ ሰዓት ማብቂያ፣ እንዲላክ፣ ፋይናንስ የቅድመ ክፍያውን ደረሰኝ እንዲሰጥ፣ ሁለተኛ አቅራቢ መፈለግ ደግሞ "ዊል ቢ ኮንሲደርድ"። ሶስተኛው ተግባር አይደለም፣ ገና ሊታሰብበት ነው የተባለው፣ "ሁለተኛ አቅራቢ ይፈለጋል" ብለሽ ካስገባሽው ያልተወሰነ ነገር ወሰንሽ ማለት ነው። የመጀመሪያው ባለቤት የለውም። ቅሬታውን ያነሳው ሎጂስቲክስ ስለሆነ እነሱ ይልኩታል ብለሽ እንዳትገምቺ፣ ጉዳይ ያነሳ ሁሉ ሰሪ አይደለም፣ ሰብሳቢውን ደውለሽ ጠይቂ። የግዢ ኦፊሰሯ ናት ካሉሽ እንዲህ ይወጣል፦

የግዢ ኦፊሰሯ ለፓምፕ አቅራቢው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፈው ይልካሉ። አርብ መጋቢት 11 ቀን 2018 (ማርች 20)፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት።

የፋይናንስ ኃላፊው የቅድመ ክፍያውን ደረሰኝ ኮፒ ለግዢ ኦፊሰሯ ይሰጣሉ። ቀን አልተቆረጠለትም፣ ሰብሳቢው ይወስናሉ።

ደረሰኙ ከደብዳቤው መቅደም እንዳለበት ግልጽ ነው፣ ቢሆንም ቀኑን አንቺ አትሙይው፣ ባዶነቱ ይታይ፣ ሰብሳቢው አይተው ይቆርጡለታል።

ቀኑ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማርችን መጋቢት ብሎ ቁጥሩን እንዳለ ሲገለብጥ ነው። መጋቢት 1 የሚውለው ማርች 10 ስለሆነ ማርች 20 መጋቢት 11 ነው፣ ማርች 5 ደግሞ ጭራሽ የካቲት 26። "እስከ ማርች 31" የሚለውን "እስከ መጋቢት 31" ብሎ የጻፈ ሰው የሌለ ቀን ነው የሰጠው፣ ወራችን 30 ላይ ያልቃል፣ ትክክለኛው መጋቢት 22 ነው። ስለዚህ የሳምንቱን ቀን ስም ጨምሪበት፣ አርብ የተባለው ቀን አርብ ካልሆነ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። ሲኦቢንም "የስራ ሰዓት ማብቂያ" ብለሽ አትለፊው፣ ቢሯችሁ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር 5 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ከሆነ በኛ 11 ሰዓት ነው፣ "5 ሰዓት" ብለሽ ብትጽፊው ግን ፊልድ ያለው ሰው ጠዋት ረፋዱ ላይ ነው የሚረዳው።

"እስከ" የሚለውንም ከግሱ ጋር አስተያይው። "እስከ አርብ ይከታተላል" ካልሽ አርብ እስኪደርስ በየቀኑ ይከታተል ማለት ነው፣ አርብ ውጤት ያምጣ ማለት አይደለም። ሚኒቱ ላይ "ፎሎው አፕ" የሚል ስታገኚ በመጨረሻ ምን እንዲገኝ እንደተፈለገ ጠይቂና በዚያ ተኪው፦ "ደውሎ መልሱን በኢሜይል ያሳውቃል"፣ "ጎብኝቶ ሪፖርት ያስረክባል"። የሚታይና የሚቆጠር ነገር ከተጻፈ ደዋይሽ ይቀንሳል።