ኮሚሽኔ ጎደለ ወይስ ልክ ነው? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በወር የ900,000 ብር ዕቃ ሸጥኩ። እስከ 500,000 ብር 2%፣ ከዚያ እስከ 800,000 3%፣ ከዚያ በላይ 5% ነው። 45,000 ስጠብቅ 24,000 ገባልኝ። ተበላሁ?

መልስ፦ ውልዎ «ከ800,000 በላይ ላለው ሽያጭ 5%» የሚል ከሆነ አልተበሉም። የመጀመሪያው 500,000 ብር 10,000፣ ቀጣዩ 300,000 ብር 9,000፣ የቀረው 100,000 ብር 5,000 ያስገኛል። «ከ800,000 በላይ የሸጠ ከጠቅላላ ሽያጩ 5%» የሚል ከሆነ ግን የጠበቁት 45,000 ልክ ነው። የመጀመሪያውን ኤክሴል ላይ እንዲህ ያስሉት፤ ሽያጩ B2 ላይ ይሁን፦

```
=MIN(B2,500000)*2%+MAX(0,MIN(B2,800000)-500000)*3%+MAX(0,B2-800000)*5%
```

ጥያቄ፦ የኔ በእርከን ነው፣ እሺ። በቀጣዩ ወር ግን ደንበኛው የ200,000 ብር ዕቃ መለሰና 10,000 ቆረጡብኝ።

ሌላ ተሳታፊ፦ ልክ ናቸው። በ5% የተከፈለ በ5% ይመለሳል።

መልስ፦ ሐሳቡ ልክ ነው፣ ግን በ5% የተከፈለው 100,000 ብር ብቻ ነው፤ ሌላው 100,000 የተከፈለው በ3% ነው። ሽያጩን 700,000 አድርገው እንደገና ቢያሰሉ ኮሚሽኑ 16,000 ይሆናል፤ ስለዚህ የሚመለሰው 8,000 ነው። 2,000 ብር በትርፍ ተቆርጧል፤ ውሉ ለተመላሽ ዕቃ የተለየ ተመን ካላስቀመጠ በስተቀር።

ከዚህ የባሰ ስህተትም አለና የቀጣዩን ወር መግለጫም ያምጡት። 200,000ው ከዚያ ወር ሽያጭ ላይም ተቀንሶ ከሆነ አንዱ ተመላሽ ሁለቴ ተቆጥሮብዎታል። ወይ ካለፈው ወር ኮሚሽን ይቁረጡ ወይ ከአዲሱ ወር ሽያጭ ይቀንሱ፤ አንደኛውን መምረጥ አለባቸው። የትኛውን? ውሉ ዝም ካለ ሁለቱም ወገን የሚከራከርበት ነገር አለው፤ ያለፉት ወራት ተመላሾች እንዴት እንደተቆረጡ አይተው ያንን ይያዙ።

ጥያቄ፦ የኔ ታርጌት 800,000 ነው። ደረሰኞቼን ስደምር 920,000 ሆነ፣ እነሱ ግን ታርጌቱን አላለፍሽም ብለው ቦነሴን ከለከሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ የደመርሽው ቫትን ጨምሮ ይመስላል። 920,000ን ለ1.15 ስታካፍይው ድፍን 800,000 ይመጣል። ቫቱ የመንግሥት ስለሆነ አብዛኛው ድርጅት በሽያጭ አይቆጥረውም። አሁን ጉዳይሽ አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል፦ ውሉ «800,000 ሲደርስ» ካለ ቦነሱ ይገባሻል፣ «ከ800,000 በላይ» ካለ አይገባሽም። እንዲህ ድንበሩ ላይ ስትሆኚ እያንዳንዱን ደረሰኝ እዪ፤ በወሩ መጨረሻ ቀን የተቆረጠ፣ ድምርሽ ውስጥ ያልገባ አንድ ትንሽ ደረሰኝ ወደ ቀጣዩ ወር ተዛውሮ ከሆነ ታርጌቱን አልፈሻል።

ጥያቄ፦ እኔ የምሸጠው አፓርታማ ነው። ገዢው ከስምንት ወር በኋላ ውል አፈረሰና ኮሚሽኑን በሙሉ መልስ ተባልኩ።

መልስ፦ የእርስዎ የእርከን ጉዳይ አይደለም። ኮሚሽን የሚመለስበት የጊዜ ገደብ በውልዎ ላይ አለ? ገዢው እስከዚያ ከከፈለው ድርጅቱ ያስቀረው ገንዘብስ አለ? ሁለቱን ሳላውቅ ይመልሱ ወይም አይመልሱ ልልዎት አልችልም።