ፊታቸውን ከመጠቀሜ በፊት ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

«የአምስት ጓደኞቼን ፊት ቆርጬ አንድ ፎቶ ላይ ላቀናብር ነው። ፈቃድ ስጠይቅ ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

ግሩፕ ላይ አትጠይቅ፤ አንዱ «እሺ» ካለ ሌላው እምቢ ማለት ያፍራል። ለየብቻ፣ የምትቆርጠውን ፎቶ ራሱን አያይዘህ ላክ፦

«ከዚህ ፎቶ ፊትህን ቆርጬ የጠፈርተኛ ልብስ ላይ ልገጥመው ነው። ኢንስታግራም ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ስምህን አልጠቅስም። ይሁን ወይስ ይቅር? ካልመለስክልኝ አላስገባህም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዋት። መልእክቱን አይቶ ዝም ያለ ሰው ፈቅዷል ማለት አይደለም። የሳቅ ኢሞጂ ብቻ ከመጣም «እሺ ነው?» ብለህ ድገምለት።

አንድ ጥንቃቄ፦ ሰው ፊቱን ሲፈቅድ አጠገቡ ምን እንደሚቀመጥ አያውቅም። «እሺ» ያለ ጓደኛዬ እጁ ላይ የቢራ ጠርሙስ ሲያይ «አውጣኝ» ብሏል። ስለዚህ ከመለጠፍህ በፊት ያለቀውን አሳያቸው። እያንዳንዱን ፊት በየራሱ ሌየር ካስቀመጥክ አንዱን ማውጣት አይከብድህም።