ጥያቄና መልስ፦ ብር ሲጠነክር ቡናችን ምን ይሆናል?

ተማሪ፦ ጋሼ፣ በትምህርት ቤታችን የኢኮኖሚክስ ክበብ ንግግር አቀርባለሁ። ጠንካራ ገንዘብ ሁልጊዜ ለአገር እንደማይበጅ በምን ላስረዳ?

መላሽ፦ ጅማ ተቀምጠሽ ከቡና ሌላ ምሳሌ አትፈልጊ። አንድ ኪሎ ቡና ውጭ አገር በ4 ዶላር ተሸጠ እንበል። ብር ጠንክሮ ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ላኪው 228 ብር ያገኛል፤ ረክሶ በ100 ሲመነዘር 400 ብር። ለማበጠሪያ፣ ለጆንያና ለጭነት 120 ብር ካወጣ፣ ቡናውን ለመግዛት የሚተርፈው ቀድሞ 108፣ ኋላ 280 ብር ነው። የዓለም ዋጋ ሳይነካ ምንዛሪው ብቻ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ መሆናቸውን ግን ተናገሪ። ባንኮች ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪውን በገበያ እስኪወስኑ ድረስ ዶላር 57 ብር አካባቢ እንደነበርም ጥቀሽ።

የቡና ነጋዴ፦ ስሌቱ አልተዋጠልኝም። ያኔ እኮ ቡና እዚህ ከውጭ ዋጋ በላይ ይገዛ ነበር። ገበሬው መች ተጎዳ?

መላሽ፦ ያዩት እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ዘለሉት። ከባንክ ዶላር አይገኝም ነበር። ዕቃ አስመጪው ቡናውን በኪሳራ ይልክና ባገኘው ዶላር ያስመጣውን ብረት ወይም መለዋወጫ አስወድዶ ኪሳራውን ይመልሳል። የቡናውን ኪሳራ የከፈለው ቤት የሚሠራው ሰው ነበር። በቡና ብቻ የሚተዳደረው ላኪ ደግሞ በዚያ ዋጋ መወዳደር አቅቶት ከገበያ ወጣ። ተማሪዋ ይህን አትለፊው፤ የባንኩና የጥቁር ገበያው ዋጋ በጣም ከተራራቀ፣ የብሩ ጥንካሬ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ ከውጭ ገንዘብ ሊልክልኝ ነው። አሁን ይላክ ወይስ ይቆይ?

መላሽ፦ ይህ የንግግሩ ጉዳይ አይደለም።

ሦስተኛ አባል፦ አንድ ዶላር ከመቶ የን በላይ ነው። ታዲያ ጃፓን ደካማ ናት?

መላሽ፦ አይደለችም። በአንድ ዶላር ስንት እንደሚመነዘር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከትናንቱ ጋር ሲነጻጸር ነው ትርጉም የሚኖረው።

ሌላ አባል፦ እንግዲያው ብር በረከሰ ቁጥር ይሻላል ማለት ነዋ!

መላሽ፦ አላልኩም! ይህን ጥያቄ ደጋግማችሁ አታምጡብኝ። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት በዶላር ይገዛሉ፤ የውጭ ዕዳም በዶላር ይከፈላል። ብር ሲረክስ ሁሉም ይወደዳል፤ ያ የ120 ብር ወጪም ባለበት አይቆይም። ምርቱም ወዲያው አይጨምርም፤ ዛሬ የተተከለ ቡና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ጉዳቱ በሳምንት ይደርሳል፣ ጥቅሙ ዓመታት ይጠብቃል።

የቡና ነጋዴ፦ እሺ፣ ጭማሪው ገበሬው እጅ ይገባል ያለዎት ማን ነው? ሰብሳቢው መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

መምህር፦ ሁልጊዜ አይደለም። ገዢ የሚበዛበት ቀበሌ ገበሬው ይከራከራል፤ አንድ ገዢ ብቻ ባለበት ግን የተነገረውን ይቀበላል።

የቡና ነጋዴ፦ ገዢ የሚበዛበት ቀበሌ የት አለ?

መላሽ፦ ሁለታችሁም በየቀበሌው ታያላችሁ፤ እኔ አልፈርድም። ተማሪዋ ግን 280ው ለገበሬው ይደርሳል እንዳትይ፤ ሊደርስ ይችላል በይ።